የደበዘዙ ሰነዶችን ለኮምፒዩተር ንባብ ማዘጋጀት፦ ከቱላ መዝገብ እስከ ንጹሕ ጽሑፍ

በሐዋሳ ከተማ ሥር ከሚገኙት ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ቱላ፣ ከከተማው በስተደቡብ የሚገኙ የገጠር ቀበሌዎችን አቅፎ የያዘ ክፍለ ከተማ ነው። ከተማው እየሰፋ ወደ እርሻ መሬቱ በሚጠጋበት እንዲህ ባለው ሥፍራ፣ አንድ አርሶ አደር ከአባቱ የወረሰው ይዞታ ስፋት ምን ያህል እንደነበረ፣ በየትኛው ወሰን እንደሚዋሰንና መቼ እንደተሰጠ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ አንድ አሮጌ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሦስተኛ የካርቦን ቅጂ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ነጥቷል፣ ጠርዙ በእርጥበት ቡናማ ሆኗል፣ እጥፋቱም ላይ ፊደላት ጠፍተዋል።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ስካን አድርጎ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ኮምፒዩተሩ ምስሉን ወደ ፊደል ለውጦ በስም፣ በቀበሌ ወይም በዓመተ ምሕረት ሊፈለግ የሚችል ጽሑፍ እንዲያደርገው ማስቻል ነው። የፊደል ማንበቢያ ፕሮግራሞች በደበዘዘ ገጽ ላይ ሲሳሳቱ ስህተቱ የሚመጣው በአብዛኛው ፕሮግራሙ አማርኛ ስለማያውቅ አይደለም፤ የቀረበለት ምስል ለንባብ ያልተዘጋጀ በመሆኑ ነው።

በአማርኛ የፊደል ንባብ ላይ የሚደረገው ጥናት አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወርቁ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአማርኛ ጽሑፍን በኮምፒዩተር ስለማንበብ የመመረቂያ ጥናት ያቀረቡ ሲሆን፣ ደረጀ ተፈሪ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በጽሕፈት መኪና የተጻፈውን አማርኛ ለይተው አጥንተዋል። ከዚያ ወዲህ እነ ሚሊዮን መሸሻና እነ ብርሃኑ በላይ ሥራውን አስፋፍተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የእነ ብርሃኑ የአማርኛ የምስል ክምችት ከ337 ሺህ በላይ የጽሑፍ መስመሮችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ በኮምፒዩተር የፊደል ቅርጾች የተሠሩ ናቸው። ይህም አንድ ነገር ያሳያል። ማንበቢያው የሠለጠነው በአመዛኙ ጥቁርና ነጩ በተለየበት ንጹሕ መስመር ላይ ከሆነ፣ የደበዘዘ ገጽ ሲቀርብለት አይቶት የማያውቀውን ነገር እንዲያነብ ተጠይቋል ማለት ነው። ስለዚህ ገጹን በተቻለ መጠን ማንበቢያው ወደሚያውቀው መልክ ማምጣት ያስፈልጋል።

ሥራው የሚጀምረው ከስካነሩ ነው። ገጹ ቢያንስ በኢንች 300 ነጥብ፣ ፊደሉ ትንሽ ከሆነ ደግሞ 400 ነጥብ ሆኖ በቀለም መነሳት ይኖርበታል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ስካነሩ ራሱ ወደ ጥቁርና ነጭ እንዲለውጥላቸው ያደርጋሉ። ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ስካነሩ ነጭ ብሎ የጣለውን የደበዘዘ ፊደል ከዚያ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም ሊያገኘው አይችልም። ቀለሙን መጠበቅ ሌላም ጥቅም አለው። የቀለም ምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተባሉ ሦስት ንብርብሮች አሉት። ቡናማ የእርጥበት ምልክት በሰማያዊው ንብርብር ጥቁር ሆኖ ሲታይ በቀዩ ንብርብር ግን በጣም ይሳሳል፤ ጥቁሩ የሪባን ቀለም ግን በሦስቱም እንደ ጠቆረ ይቀራል። ቡናማ የሆነን ገጽ ከቀዩ ንብርብር መጀመር፣ ምንም ሒሳብ ሳይሠራ ግማሹን ችግር ሊያቃልል ይችላል። በጽሑፉ ላይ ያረፈ ቀይ ማኅተምም በዚሁ ንብርብር ይደበዝዛል። ማኅተሙ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ግን ሰማያዊው ንብርብር ይሻላል።

የሚቀጥለው እርምጃ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። በግራጫ ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ዋጋ አለው። 0 ፍጹም ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ ነው። ለውጡ የሚፈጸመው አንድ መለያ ዋጋ ተመርጦ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ወረቀት ነው ተብሎ ነው። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ዘዴ ይህን ዋጋ ከምስሉ የነጥቦች ስርጭት በራሱ ያወጣል። ዘዴው ዛሬም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለጥሩ ገጽም በቂ ነው።

ለደበዘዘ ገጽ ግን በቂ የማይሆንበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በቱላ ከሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ የተጻፈ የይዞታ ቃለ ጉባኤ አለ እንበል። በገጹ መካከል ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ዋጋው 210፣ የደበዘዘው ፊደል ደግሞ 170 ነው። በግርጌው እርጥበት የነካው ሥፍራ ወረቀቱ 150፣ ፊደሉ 110 ነው። በሁለቱም ቦታ ፊደሉ ከወረቀቱ በ40 ይጠቁራል፤ በዓይን ለሚያየው ሰውም በሁለቱም ቦታ ይነበባል። አሁን ለገጹ በሙሉ አንድ መለያ ዋጋ ይመረጥ ቢባል፣ የመካከሉን ፊደል ለማቆየት ዋጋው ከ170 በላይ መሆን አለበት። የግርጌው ወረቀት ጥቁር እንዳይሆን ደግሞ ዋጋው ከ150 በታች መሆን ይገባዋል። ሁለቱን የሚያሟላ ቁጥር የለም። 160 ቢወሰድ የመካከሉ ጽሑፍ ጨርሶ ይጠፋል፤ የግርጌውም ክፍል አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። የተሻለ ቁጥር በመፈለግ ሰዓታት የሚያጠፋ ሰው የሚፈልገው የሌለን ነገር ነው።

መፍትሔው መለያውን ዋጋ በየሥፍራው መለወጥ ነው። በፊንላንድ ሳውቮላና ፒየቲካይነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ዘዴ ለዚህ የተሠራ ነው። ዘዴው በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ትንሽ መስኮት ይከፍትና በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች አማካይና የመበታተን መጠን አውጥቶ የዚያን ነጥብ መለያ ዋጋ በሚከተለው ቀመር ይወስናል፦

```
T = m × (1 + k × (s / 128 − 1))
```

እዚህ ላይ m አማካዩ፣ s የመበታተኑ መጠን፣ k ደግሞ በሠራተኛው የሚመረጥ ቁጥር ነው። ጽሑፍ በሌለበት ሥፍራ s ትንሽ ስለሚሆን መለያው ከወረቀቱ ዋጋ በብዙ ዝቅ ይላል፤ በዚህም ባዶው ወረቀት ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ይህንኑ በቃለ ጉባኤው ላይ እንሞክረው። ከመስኮቱ 15 በመቶው ፊደል፣ ቀሪው ወረቀት ቢሆን፣ በገጹ መካከል አማካዩ 204፣ የመበታተኑ መጠን ወደ 14 ገደማ ይሆናል። በመጻሕፍት ለk ከሚሰጡት የተለመዱ ቁጥሮች ትንሹን 0.2ን ብንወስድ መለያው 168 ይወጣል። ፊደሉ 170 ስለሆነ አሁንም መለያውን በሁለት ዋጋ ብቻ በልጦ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። በግርጌው ግን አማካዩ 144፣ መለያውም 118 ስለሚሆን 110 የሆነው ፊደል ይተርፋል። ውጤቱን የሚያይ ሰው የሚገርመው ነገር ይገጥመዋል፤ በእርጥበት የተበላሸው ክፍል ጥርት ብሎ ወጥቶ፣ ንጹሕ ይመስል የነበረው መካከል ባዶ ሆኗል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ዘዴው አይሠራም ብለው ይተዉታል። ጥፋቱ ግን የዘዴው ሳይሆን የቁጥሩ ነው። የተለመዱት ቁጥሮች የተመረጡት ቀለሙ ጠቆር ላለ ጽሑፍ ነው። k ወደ 0.1 ሲወርድ የመካከሉ መለያ 186፣ የግርጌው 131 ይሆናል። 186 በ170ና በ210 መካከል፣ 131ም በ110ና በ150 መካከል ስለሚያርፉ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይነበባሉ።

እንዲያ ከሆነ k ይበልጥ ለምን አይወርድም የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። k ዜሮ ቢሆን መለያው ከአማካዩ ጋር እኩል ይሆናል። በባዶው ወረቀት ላይ ከአማካዩ ጥቂት የጠቆረው ነጥብ ሁሉ ቀለም ነው ተብሎ ስለሚወሰድ ገጹ በአሸዋ የተረጨ ይመስላል። ስለዚህ ሠራተኛው ከአንድ ክምር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ገጾችን ወስዶ፣ k በ0.2፣ በ0.15፣ በ0.1ና በ0.05 ምን እንደሚመስሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይኖርበታል። መስኮቱም ከአንድ ፊደል ሰፋ ማለት አለበት፤ በ300 ነጥብ ለተነሳ የጽሕፈት መኪና ጽሑፍ ከ40 እስከ 60 ነጥብ ስፋት ያለው መስኮት ለመነሻ ይበቃል። መስኮቱ ከፊደሉ ጭረት ብዙም ያልሰፋ እንደሆነ በወፍራም ጭረቶች መካከል ነጭ ክፍተት ይፈጠራል።

ከዚህ በፊት ንፅፅሩን ማስተካከል ሁለተኛው አማራጭ መንገድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወረቀቱ ፊደል ባይጻፍበት ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ይገመትና ምስሉ በዚያ ግምት ይካፈላል። ግምቱ የሚገኘው በእያንዳንዱ ሥፍራ ከፊደል በሚሰፋ መስኮት ውስጥ ያለውን ነጩን ዋጋ በመውሰድ ነው። በምሳሌያችን 170 ለ210 ተካፍሎ በ255 ሲባዛ 206 ይሆናል፤ 110 ለ150 ሲካፈልም 187። ወረቀቱ በሁለቱም ሥፍራ 255 ሆኗል። አሁን እንደ 230 ያለ አንድ መለያ ዋጋ ለገጹ በሙሉ ይበቃል። ቀደም ሲል የማይቻል የነበረው የሚቻል የሆነው አዲስ ቀለም ስለተጨመረ አይደለም፤ የእርጥበቱ ጥላ ከሒሳቡ ስለወጣ ነው።

ብርሃንና ጥላን በየክፍሉ የሚያጎላ ሌላ የታወቀ ዘዴም አለ። ገጹን እንደ ቼዝ ሰሌዳ 8 በ8 ከፍሎ በየክፍሉ ንፅፅሩን ይዘረጋል። ለፎቶግራፍ መልካም ነው። ለሰነድ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ጽሑፍ በሌለበት ክፍል የሚዘረጋው ሌላ ነገር ስለሌለ የወረቀቱን ቃጫና ከጀርባ የዘለቀውን ቀለም እያጎላ ፊደል ያስመስለዋል። ገጹ በሁለቱም በኩል የተጻፈ ከሆነ ይህን ዘዴ መተው ይሻላል።

ሦስተኛው እርምጃ ጉድፍን ማጽዳት ነው። አማርኛ ከሌሎች ጽሕፈቶች የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ የማጽጃ ልማዶች እንዳሉ ቢወሰዱ አማርኛውን ይበላሉ።

በቀድሞው አጻጻፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው። በብዙ አሮጌ ገጾች ላይም ከሁለት ነጥቡ ሌላ በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት የለም። በጽሕፈት መኪና የተመታ አንድ ነጥብ ወርዱ 0.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ300 ነጥብ በተነሳ ምስል ላይ ወርዱ 5 ነጥብ፣ ጠቅላላ ስፋቱም 20 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከአቧራና ከወረቀት ቃጫ የሚመጣው ጉድፍ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከ8 ወይም ከ10 ነጥብ የሚያንሰውን ጥቁር ሁሉ ማጥፋት ያለ ጉዳት ይሠራል። ከ20 በታች ይጥፋ የሚል ትእዛዝ ግን ገጹን ሲያዩት እጅግ ንጹሕ አድርጎ፣ ቃላቱን ሁሉ አጣብቆ ያስረክባል። አራት ነጥቡም ሁለቱን አጥቶ ሁለት ነጥብ ይሆንና ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር ይቀላቀላል። የደበዘዘ ነጥብ ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ ዳር ዳሩ ስለሚጠፋ ከ20 ወደ 12 ሊወርድ ይችላል። በምሳሌያችን ቃለ ጉባኤ ላይ 0.25 ሄክታር ተብሎ የተጻፈው ነጥቡን ቢያጣ 025 ይሆናል። ይህን ቁጥር የሚያነብ የመረጃ ቋት 25 ብሎ ቢመዘግበው የሚደንቅ አይሆንም። ለባለይዞታው ግን ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው።

ሌላው የፊደሉ ጠባይ ነው። ቡ ከበ የሚለየው በቀኝ እግሩ መካከል ባለች ትንሽ ጭረት፣ ቢ በግርጌው ባለች ጭረት፣ ቤ ደግሞ እዚያው ግርጌ ባለች ቀለበት ነው። መለያው ዋጋ ከተገቢው በላይ ሲወጣ ጭረቱ ሁሉ ይወፍርና የቤ ቀለበት ተደፍኖ ቢ ይመስላል። መለያው ሲወርድ ጭረቷ ትጠፋና ቢ በ ይሆናል። ይህ ስህተት የፊደል ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ይከፈል» እና «ይክፈል» የሚሉት ቃላት ልዩነታቸው የከ ትንሽ ምልክት ናት፤ የመጀመሪያው ገንዘቡ እንዲከፈል ያዛል፣ ሁለተኛው ሰውየው ራሱ እንዲከፍል ያስገድዳል። በጽሕፈት መኪና ዘመን ደግሞ የቁልፎቹ ብዛት ሁሉንም ፊደላት ለማስፈር ስለማይበቃ ብዙ ፊደላት በሁለት ምት ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ምት አካሉን፣ ሌላው ምት ምልክቱን ያትማል። ከዚህ የተነሳ ምልክቷ ከአካሉ ተለያይታ ብቻዋን ልትቆም ትችላለች። ተለያይታ የቆመች ትንሽ ጥቁር ነገር ደግሞ ለማጽጃው ፕሮግራም ከጉድፍ አትለይም።

መካከለኛውን ዋጋ የሚመርጠው 3 በ3 ማጣሪያ ነጠላ ነቁጦችን ለማጥፋት ጥሩ ነው። ሆኖም አንድ ነጥብ ብቻ ወርድ ያለውን ጭረት አብሮ ያጠፋል። በ200 ነጥብ የተነሳ ምስል ላይ የደበዘዙ ጭረቶች ብዙዎቹ እንዲህ ቀጭን ስለሚሆኑ፣ ማጣሪያው ከጉድፉ ይልቅ ፊደሉን ይጎዳል። ማጣሪያውን ወደ ጥቁርና ነጭ ከመለወጥ በፊት በግራጫው ላይ ማካሄድ፣ ትንንሽ ጉድፎችን በስፋታቸው ለይቶ ማጥፋቱን ደግሞ ከለውጡ በኋላ ማድረግ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና ጉድፉ ሳይቀንስ ንፅፅሩ ቢዘረጋ፣ ጉድፉም ከፊደሉ ጋር አብሮ ይጎላል። ምስሉን በየመካከሉ በጄፔግ ማስቀመጥም የተለመደ ስህተት ነው፤ ጄፔግ በፊደላት ዙሪያ የራሱን ጭጋግ ስለሚፈጥር ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይመረጣል።

የተደረገው ሁሉ ጠቅሞ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ለሰው ዓይን የሚያምረው ገጽ ለማንበቢያው የከፋ ሊሆን እንደሚችል የሁለት ነጥቡ ጉዳይ ያሳያል። መለኪያው አንድ ነው፤ ከክምሩ ውስጥ አሥር ያህል ገጾች ተመርጠው በእጅ በትክክል ይተየባሉ፣ ማንበቢያው ካወጣው ጽሑፍ ጋርም ይነጻጸራሉ። 1,200 ፊደላት ባሉት ገጽ ላይ የተለወጠው፣ የጎደለውና የተጨመረው ተደምሮ 96 ቢሆን የስህተቱ መጠን 8 በመቶ ነው። አሥሩ ገጾች ውስጥ የተበላሹትም ደህናዎቹም መኖር ይገባቸዋል። ከሁሉም የከፋውን ብቻ ይዞ የተመረጠ k፣ ደህናዎቹን ገጾች ሊያበላሽ ይችላልና። ስህተቶቹን በዓይነት መለየትም ይጠቅማል። የጎደለው ብዙ ከሆነ መለያው ዝቅ ብሏል ወይም ማጽጃው በዝቷል ማለት ነው። የተጨመረው ብዙ ከሆነ ጉድፉ ፊደል እየተባለ ይነበባል። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ድምፁ ብቻ ሲለወጥ ደግሞ ችግሩ ያለው በትንንሾቹ ምልክቶች ላይ ነው።

የስህተቱ መጠን 2 በመቶ ደረሰ ሲባል ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የአማርኛ ቃል በአማካይ አምስት ያህል ፊደል አለው ቢባል፣ ከአሥር ቃላት አንዱ ስህተት አለበት ማለት ነው። ሰነድን በቃል ለመፈለግ ይህ ይበቃ ይሆናል። የይዞታ ስፋትን፣ ስምንና ቀንን ያለ ሰው ፍተሻ ወደ መዝገብ ለማስገባት ግን አይበቃም።

የማይሻገሩት ድንበርም አለ። ከጀርባ የዘለቀው ቀለም በምስሉ ላይ 190 ሆኖ፣ ፊት ለፊት የደበዘዘው ፊደልም 190 ከሆነ፣ የትኛውም መለያ ዋጋ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። እጥፋት ላይ ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ተልጦ የወደቀ እንደሆነም የሚጎላ ነገር የለም። እንዲህ ባለው ቦታ ማንበቢያው ዝም አይልም፤ ከቀረው ጭረት የሚመስለውን ፊደል ይጽፋል። ስለዚህ በጽሑፉ ጎን የመጀመሪያው የቀለም ምስል ሳይነካ መቀመጥ ይኖርበታል። አንድ ባለ A4 ገጽ በ300 ነጥብ በቀለም ሲነሳ ሳይታመቅ 26 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጠው ምስል ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ቦታ ሲጠብም ለመጥፋት የሚታጨው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ነው። ሊጠፋ የማይገባው ግን እርሱ ነው፤ ትንሹን በሌላ k እንደገና መሥራት የሚቻለው ከእርሱ ብቻ ነውና።